ከስልክ ፎቶ ላይ መታወቂያ ቆርጦ ማቅናት

(ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለጽሕፈትና ኮፒ ቤት ልጆች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከቢቸናም የመጣችሁ አላችሁ። መንገዱን ስለማውቀው መምጣታችሁን አከብራለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። በስልክ ያነሳነውን መታወቂያ ከፎቶው ላይ እንዴት ቆርጠን፣ እንዴት አቅንተን፣ እንደ ስካን የሚታመን ኮፒ እንደምናደርገው።

የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

አንድ ቀን ስካነሬ ተበላሽቶ ጥገና ላይ ነበር። ከሮብ ገበያ የመጡ አንዲት እናት ወደ ቤቴ ገቡ። ከመቀነታቸው ላይ ቋጠሮ ፈትተው መታወቂያቸውን አወጡ። እንደ ባንክ ካርድ የሆነው ፕላስቲኩ መታወቂያ ነው። «ልጄ፣ ቶሎ በልልኝ፣ መኪናው ጥሎኝ እንዳይሄድ» አሉኝ። እኔም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በስልክ አነሳሁት። ስልኬ ላይ ያለው የስካን አፕ ጠርዙን ራሱ አገኘው፣ ራሱ ቆረጠው፣ ራሱ አቀናው። አተምኩና ሰጠኋቸው። ጥርት ያለ ነበር፤ ጽሑፉ ይነበባል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። የሄዱበት ቢሮ «ይሄ ፎቶ እርስዎን አይመስልም፣ ደህና ኮፒ ያምጡ» ብሎ መልሷቸዋል። መኪናው ሄዷል። እማማ እዚሁ ከተማ ማደር ግድ ሆነባቸው።

ኮፒውን ተቀብዬ አየሁት። እውነትም ፊታቸው ሰፍቷል። ግንባር አጥሯል፣ ጉንጭ ወደ ጎን ሄዷል። ማስመሪያ አወጣሁና ለካሁት። ወርዱ 85.6 ሚሊ ሜትር፣ ልክ ነው። ቁመቱ ግን 47 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ካርዱን ራሱን ስለካው 54 ነው። 7 ሚሊ ሜትር የት ገባ? ያን ዕለት ማታ የተቀመጥኩት ይህን ለማወቅ ነበር። የዛሬው ንግግሬም የዚያ ማታ ውጤት ነው።

እስቲ የጤፍ ማሳ ዳር የቆማችሁ ያህል አስቡት። በሬ ያወጣው ትልም ከእግራችሁ ሥር ሰፊ ነው። እየራቀ ሲሄድ ይጠባል። ማሳው ማዶ ላይ ትልሞቹ የተገናኙ ይመስላሉ። ገበሬው ግን እኩል አርሷል። ያጠበበው ርቀቱ ነው። ካርድም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ስልኩን ልክ ከካርዱ አናት ላይ ካላደረጋችሁት፣ ለስልኩ የቀረበው ጠርዝ ይረዝማል፣ የራቀው ያጥራል። አራት ማዕዘኑ ቅርጽ እንደ ዘመመ ጎጆ ይሆናል። ፐርስፔክቲቭ ማስተካከል የምንለው ይህን መመለስ ነው። የራቀውን ጎትቶ ከቀረበው ጋር እኩል ማድረግ።

እና ሁለተኛ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ካርዱ ሲያዘነብል የራቀው ጠርዝ ማጠሩ ብቻ አይደለም። ቁመቱም ይጨመቃል። በር ገርበብ ሲል ከፊት ለፊት ያየ ሰው በሩ የጠበበ ይመስለዋል አይደል? እንደዚያ ነው። የመጀመሪያውን፣ የጠርዞቹን ማጠር፣ ዓይናችን ወዲያው ያየዋል። ሁለተኛውን፣ ጭምቀቱን፣ አያየውም። እኔን የጣለኝ ሁለተኛው ነው።

የእማማን ፎቶ ቁጥሩን ላሳያችሁ። ስልኬ 4000 በ3000 ፒክስል ያነሳል። ስልኩን ከካርዱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቄ፣ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብዬ ነበር የያዝኩት። ፎቶው ላይ የካርዱ የታችኛው ጠርዝ 1100 ፒክስል ወጣ። የላይኛው 985። ግራው 571፣ ቀኙ 573።

አሁን አፑ ያደረገውን ተከተሉት። የካርዱን እውነተኛ መጠን አያውቅም። ስለዚህ ይገምታል። የላይኛውንና የታችኛውን አማካይ ሲወስድ 1042 ይሆናል። የግራና የቀኙ አማካይ 572 ነው። 1042 ለ572 ሲካፈል 1.82 ይመጣል። ስለዚህ «ይህ ካርድ ወርዱ የቁመቱ 1.82 እጥፍ ነው» ብሎ ደመደመ። እውነተኛው ካርድ ግን 85.60 በ53.98 ሚሊ ሜትር ነው። 1.586 እጥፍ ማለት ነው። 85.6ን ለ1.82 አካፍሉት። 47 ይመጣል። የጠፋው 7 ሚሊ ሜትር ይኸውላችሁ።

ጠርዞቹ ቀጥ ብለው ሳለ፣ ማዕዘኖቹ ልክ ሆነው ሳለ፣ ካርዱ ግን ውሸት ነበር። አንዳንድ አፕ ከሌንሱ ባሕርይ ተነስቶ በተሻለ ስሌት ይገምታል። ይሁን እንጂ ግምት ነው። እኛ እውነቱን ይዘን ሳለ ለምን እናስገምታለን? 85.60 በ53.98 ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ ISO/IEC 7810 የሚባለው፣ የካርዱ ዓይነት ስምም ID-1 ነው። የባንክ ካርዳችሁን አውጡና አስተያዩት፣ አንድ ነው። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲሠራ፣ 1011 በ638 ፒክስል ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጻፏቸው። እኔ ከኮምፒውተሬ ስክሪን ጠርዝ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።

አንድ ልጅ ከወዲያ «ታዲያ ለምን ቀጥ አድርገህ አላነሳኸውም?» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ብርሃን ነው። ፕላስቲክ ካርድ ያብረቀርቃል። ስልኩን ልክ ከአናቱ ስታደርጉት፣ ወይ የጣሪያው መብራት ካርዱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ወይ የስልኩ የራሱ ጥላ ያርፍበታል። ፍላሽ ካበራችሁማ ፊቱ ላይ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ቦታን ምንም ፕሮግራም አይመልሰውም፤ እዚያ የነበረው ጽሑፍ ፎቶው ውስጥ የለም። ያዘነበለን ግን መመለስ ይቻላል። ስለዚህ እኔ ዛሬም አዘንብዬ ነው የማነሳው። ፍላሽ አጠፋለሁ፣ በሩ አጠገብ ብርሃኑ ከጎን በሚመጣበት ቦታ አስቀምጣለሁ፣ ነጸብራቁ ከካርዱ ላይ እስኪወርድ ስልኩን ትንሽ አጋድላለሁ። ማዘንበሉ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ መጠኑን አለመንገሬ ነበር።

ግን ልክ አለው። ካርዱን 30 ዲግሪ ስታዘነብሉ ቁመቱ 13 በመቶ ያህል ይጨመቃል። 60 ዲግሪ ስታዘነብሉ ግማሹ ይጠፋል። ማቅናት ማለት የጠፋ ፒክስል መፍጠር አይደለም፤ ያለውን መለጠጥ ነው። የተለጠጠ ጽሑፍ ደብዛዛ ነው። ምልክቱን እነግራችኋለሁ። ኮፒው ላይ የታችኛው መስመር ጥርት ብሎ የላይኛው መስመር ጭጋግ የለበሰ ከሆነ፣ ማዘንበሉ በዝቷል። ድጋሚ አንሱ እንጂ «ሻርፕ» አድርጋችሁ አታታግሉት።

ወደ ሥራው እንግባ። አራት ማዕዘን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለምን አራት? የተዛባውን ወደ ቀጥታው የሚመልሰው ስሌት ስምንት ያልታወቁ ቁጥሮች አሉት። እያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ታች ስንት። አራት ማዕዘን ስምንት ቁጥር ሰጠ፣ ስሌቱ ተፈታ። ትርፍ የለም፤ ጎዶሎም የለም። ይህ ማለት ግን አንዷን ማዕዘን ካሳሳታችሁ የሚያርማችሁ አምስተኛ የለም ማለት ነው። ካርዱ በሙሉ ወደዚያች ስሕተት ይሳባል።

እና ማዕዘን ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ካርዱን እዩት። ጫፉ ሹል አይደለም፤ ክብ ነው። የክቡ ሬዲየስ 3.18 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሰው ነጥቡን የት ያስቀምጣል? ክቡ በሚጀምርበት ላይ። ያ ቦታ ግን ማዕዘን አይደለም። እውነተኛው ማዕዘን የላይኛው ጠርዝና የጎኑ ጠርዝ ቢቀጥሉ ኖሮ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከካርዱ ውጭ ነው! ጠረጴዛው ላይ ነው የሚውለው። ስታስቀምጡት ዓይናችሁ «ወጣ፣ ተሳሳትክ» ይላችኋል። አትስሙት።

በቁጥር እንየው። አንዷን ማዕዘን ብቻ ክቡ የላይኛው ጠርዝ ላይ በሚጀምርበት ብታስቀምጡ፣ 3.18 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችኋል። በ300 ዲፒአይ 38 ፒክስል ያህል ነው። 54 ሚሊ ሜትር ቁመት ላይ 3 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘማል። ያን ጊዜ በአንድ በኩል ያለው ጽሑፍ ቀጥ ይላል፣ በሌላ በኩል ያለው ወደ ጎን ይንሻፈፋል። ኮፒው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ከአራቱ አንዷ ማዕዘን ክብ ላይ ተቀምጣለች።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ምስሉን አጉልቼ፣ መጀመሪያ ማዕዘኑን ረስቼ ጠርዙን እከተላለሁ። የፕሮግራሙ መስመር ከላይኛው ጠርዝ መሐል ላይ ልክ ተደራርቦ እስኪሄድ ነጥቦቹን አንቀሳቅሳለሁ። አራቱም ጠርዞች መሐላቸው ላይ ከመስመሩ ጋር ከተደራረቡ፣ ማዕዘኖቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይዘዋል። በአጭሩ፣ ጠርዙን ያዙ፣ ማዕዘኑ ይከተላል።

GIMP የሚባለውን ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ፎቶውን ክፈቱ። `Shift+P` ስትጫኑ `Perspective` የሚለው መሣሪያ ይመጣል። ከመሣሪያው አማራጮች ውስጥ `Direction` የሚለውን ወደ `Corrective (Backward)` ቀይሩት። ይህን ካልቀየራችሁ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ያቀናል ስትሉ ያጣምማል። `Clipping` የሚለውን ደግሞ `Clip` አድርጉት። ከዚያ አራቱን ነጥቦች እየጎተታችሁ ካርዱ ላይ፣ ቅድም እንዳልኳችሁ ጠርዙን ይዛችሁ አስቀምጡ። `Transform` ን ተጫኑ።

አሁን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣል። ካርዱ ፎቶውን በሙሉ ሞልቶ፣ ረዝሞና ወፍሮ ይታያል። ፎቶው 4000 በ3000 ስለነበር ካርዱም 4000 በ3000 ሆኗል። አትደንግጡ። ይህ ልክ ነው። እውነተኛውን መጠን የምትነግሩት አሁን ነው። `Image` ውስጥ `Scale Image` ን ክፈቱ። ወርድና ቁመትን የምታያይዘውን ትንሽ ሰንሰለት ጠቅ አድርጋችሁ ፍቱ። ወርድ 1011፣ ቁመት 638፣ ሪዞሉሽን 300 ጻፉ። ፊቱ ወደ ራሱ ሲመለስ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሰንሰለቱን መፍታት የረሳ ሰው ግን 1011 በ758 የሆነ ካርድ ይዞ ይወጣል፤ የኔን ተቃራኒ፣ ፊት የረዘመበትን።

ኮድ የምትሞክሩ ልጆችም እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእማማን ካርድ በኋላ በፓይተን ያቀናሁት በዚህ ነው። OpenCV የሚባለውን ቤተ መጻሕፍት ይፈልጋል።

```python
import cv2, numpy as np
img = cv2.imread("card.jpg")
src = np.float32([[1480,1210],[2465,1225],
                  [2530,1794],[1430,1779]])
dst = np.float32([[0,0],[1011,0],[1011,638],[0,638]])
M = cv2.getPerspectiveTransform(src, dst)
out = cv2.warpPerspective(img, M, (1011, 638))
cv2.imwrite("flat.png", out)
```

`src` ያነበብኳቸው አራቱ ማዕዘኖች ናቸው። ከላይ ግራ ይጀምራል፣ ወደ ላይ ቀኝ፣ ወደ ታች ቀኝ፣ ወደ ታች ግራ ይዞራል። `dst` ደግሞ እንዲሄዱበት የምፈልገው ቦታ ነው። የሁለቱ ቅደም ተከተል አንድ መሆን አለበት። ሁለት ማዕዘን ከተቀያየረ ካርዱ እንደ ተጠመዘዘ ነጠላ መሐሉ ላይ ይቋጠራል፤ ካርዱ የተገላበጠ፣ እንደ መስታወት ምስል ፊደሉ የዞረ ሆኖም ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሮቹን አትንኩ፣ ቅደም ተከተሉን እዩ።

አሁን ስለ ፒክስል ላውራ፣ ምክንያቱም የኛ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ይፈልጋል። «ቡ» እና «ቢ» ን አስቡ። ልዩነታቸው ቀኝ እግራቸው ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። አንዱ መሐል ላይ፣ ሌላው ታች ላይ። ካርድ ላይ ባለ ትንሽ ጽሑፍ ያቺ ጭረት ውፍረቷ 0.3 ሚሊ ሜትር ብትሆን፣ በ300 ዲፒአይ ሦስት ተኩል ፒክስል ያህል ታገኛለች። ትነበባለች። የአያት ስም ላይ ቡ እና ቢ ከተቀያየሩ ምን እንደሚመጣ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

የእማማ ፎቶ ላይ ካርዱ አማካይ ወርዱ 1042 ፒክስል ነበር። 1011 ነው የምፈልገው። ስለዚህ ይበቃል፤ ግን ትርፉ ጥቂት ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ልክ ጫፉ ላይ ነኝ። 50 ሳንቲ ሜትር ብርቅ ኖሮ ካርዱ ግማሽ ይሆን ነበር፤ 150 ዲፒአይ ገደማ። በጣም መቅረብም አይሆንም፤ አንዳንድ ስልክ ከቅርብ ፎከስ አይዝም፣ የጠርዞቹም ልዩነት ይብሳል። 20 እና 25 ሳንቲ ሜትር መሐል ለኔ ስልክ ጥሩ ሆኖልኛል። አንድ ስንዝር በሉት። ካርዱን ከፎቶው መሐል አድርጉት። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ አትንኩት፤ ጠርዝን ያጎብጣል፣ በአራት ነጥብ የሚቀና ጉብጠት ደግሞ የለም።

ቴሌግራም ግን ዋናው ችግራችን ነው። ልጁ አዲስ አበባ ሆኖ መታወቂያውን ያነሳና ለአባቱ ይልካል። አባትየው ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ «አንተ ልጅ፣ ይችን አትምልኝ»። በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። 4000 የነበረው 1280 ሆነ። እንደኔ ርቀት ከተነሳ፣ 1042 የነበረው የካርዱ ወርድ 333 ሆነ። ይህ 99 ዲፒአይ ነው። አንድ ፒክስል ሩብ ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። የ«ቡ» ጭረት አንድ ፒክስል ብቻ ቀራት። ፎቶው በስልኩ ስክሪን ላይ ጥርት ያለ ይመስላል፣ ምክንያቱም ስክሪኑ ትንሽ ነው። ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው የሚጋለጠው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለልጁ ይደወልለትና «እንደ ፎቶ አትላከው፣ `File` አድርገህ ላከው» ይባል። እንዲያ ሲላክ ሳይነካ ይመጣል። እኔ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሲመጣልኝ ማቅናት ከመጀመሬ በፊት የካርዱን ወርድ በፒክስል እለካለሁ። ከ700 በታች ከሆነ አልሠራም፣ ድጋሚ እንዲላክ እጠይቃለሁ። አባትየው ትንሽ ይቆጣል። ነገ ተመልሶ ከሚቆጣ ዛሬ ቢቆጣ ይሻላል።

አራት ነጥብ የማይፈታው ነገር ደግሞ ካርዱ ራሱ ሲጎብጥ ነው። ስሌቱ ካርዱ ጠፍጣፋ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። በመቀነት ተቋጥሮ ወይም ኋላ ኪስ ውስጥ ተቀምጦበት የኖረ መታወቂያ ግን ቀስት ይሆናል። ማዕዘኖቹን አስተካክላችሁ አስቀምጣችሁ፣ የፕሮግራሙ መስመር ማዕዘኖቹ ላይ ልክ ሆኖ መሐል ላይ ከጠርዙ ከራቀ፣ ካርዱ ጎብጧል። እንግዲህ ነጥቡን ወዲያ ወዲህ ብታደርጉት አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይሄዳል። ጊዜ አታጥፉ። ካርዱን ከአንድ ከባድ መዝገብ ሥር ትንሽ አቆዩትና ድጋሚ አንሱት። በጣም ከጎበጠ፣ እንደገና እስኪጎብጥ ሳትጠብቁ ከመዝገቡ እንዳወጣችሁ ወዲያው አንሱት።

የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መጠኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ 1011 በ638 አይሠራለትም። ማስመሪያ አንሱና ለኩት። ለምሳሌ 100 በ70 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱን ለ25.4 አካፍላችሁ በ300 አባዙት፤ 1181 በ827 ይመጣል። ላሚኔት የተደረገ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጠርዝ አለው። የወረቀቱ ጠርዝ አለ፣ ከሱ ውጭ የፕላስቲኩ ጠርዝ አለ። አፑ አንዳንዴ ሦስቱን ማዕዘን ከወረቀቱ፣ አራተኛውን ከፕላስቲኩ ይይዛል። ውጤቱ ቅድም ያልነው ዘመም ያለ ካርድ ነው። እኔ ሁልጊዜ የወረቀቱን ነው የምይዘው፤ የምለካውም የወረቀቱን ነው። ነጭ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ማስቀመጥም ያው ነው፤ ጠርዙ ይጠፋል። ጥቁር ጨርቅ ከሥሩ አንጥፉበት።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር። ብዙ አፕ ቆርጦ ካቀና በኋላ ወዲያው «ጥቁርና ነጭ» ያደርገዋል። ለደብዳቤ ጥሩ ነው። ለመታወቂያ ግን የደበዘዘውን ወይን ጠጅ ማህተም ይበላዋል። ማህተም የሌለው ኮፒ ማን ይቀበላል? ቀለሙን ወይም ግራጫውን ተውት። ብርሃኑን ትንሽ ማንሳት ይቻላል። ከዚያ አልፎ ጽሑፍ ማድመቅ፣ ጭረት ማጥፋት፣ ፊት ማጥራት አይገባም። እኛ ቅርጹን ወደነበረበት እንመልሳለን፤ ካርዱ ላይ ያለውን አንነካም። በዚህ እኔ አልደራደርም።

ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን? ክብ ማህተም ካለው፣ ማህተሙን ወርዱንም ቁመቱንም ለኩት። እኩል ካልሆነ እንቁላል ሆኗል፣ መጠኑ ተሳስቷል። ኪውአር ኮድ ያለው ካርድ ከሆነ ኮዱ ሁልጊዜ እኩል ጎን ያለው ነው፤ እሱን ለኩ። ግን «ስልኬ ኮዱን አንብቦታል፣ ስለዚህ ልክ ነው» አትበሉ። ኪውአር አንባቢ ማዕዘኖቹ ላይ ባሉት ሦስት ሳጥኖች ራሱ ያቀናና ያነባል። የተጨመቀውንም ያነብላችኋል። የእማማን የተበላሸ ኮፒ ሞክሬዋለሁ፣ አንብቦታል። ማህተም ላይ ያለ ቀለበት በእጅ ሲመታ ተንሸራቶ ሊሆንም ይችላል፤ ስለዚህ የሚታመነው ማስመሪያ ነው።

ሲታተም ደግሞ `Fit` የሚለውን አጥፉና `Actual size` ወይም 100 በመቶ አድርጉ። ያን ሁሉ ደክማችሁ ማተሚያው መጨረሻ ላይ በራሱ ልክ ቢያሳንሰው ድካሙ ከንቱ ነው። የፊቱንና የጀርባውን አንድ A4 ላይ አንዱን ከሌላው በታች አድርጋችሁ አትሙ።

እማማ በማግስቱ ጠዋት መጡ። አዲሱን አተምኩና፣ ካርዳቸውን ተቀብዬ ኮፒው ላይ አስተኛሁት። በአራቱም ጎን ገጠመ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አዩት። «አሁን እኔ ነኝ» አሉ። የከተማ ማደሪያቸውን ልከፍላቸው ብል እምቢ አሉኝ፣ የኮፒውን ግን አልተቀበልኩም። መታወቂያቸውን መልሰው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። እኔም ልኬቱን ከጻፍኩ በኋላ ፎቶውን ከስልኬም፣ ከኮምፒውተሬም፣ ከተጣለበት ቆሻሻ ቅርጫትም አጠፋሁት።